አንድ ባትሪ ገድዬ፣ ሌሎቹን ለጥቂት ያተረፍኩበት ስሌት

ቱሉ ዲምቱ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ምጣዱንና ምድጃውን በሚለኩስበት የምሽት ሰዓት ነው። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እኔ ደግሞ የሁለት ሱቆችን ሒሳብ ከቤት ሆኜ እሠራለሁ፤ የቀኑን ሽያጭ ማታውኑ አጠናቅሬ በኢንተርኔት መላክ አለብኝ። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ የምፈልገው ብዙ አልነበረም፤ አራት አምፖል፣ ለቤተሰቡ ቴሌቪዥን፣ ለእኔና ለልጄ ራውተር። ይህን ትንሽ ነገር በትክክል ለማግኘት ግን አንድ ዓመት ተኩልና ከሚያስፈልገው በላይ ገንዘብ ፈጅቶብኛል። እናንተ ያንን መንገድ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ የገዛሁት የ1500 ዋት ኢንቨርተርና ያገለገለ የ70 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ነበር። ሻጩ «1500 ዋት ነው፣ ቤቱን በሙሉ ይይዝልሻል» አለኝ፤ እኔም ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አመንኩት። የመጀመሪያው ምሽት ሁለት ሰዓት ሠራልን። በሦስተኛው ወር ግን ዜናው ሳያልቅ ኢንቨርተሩ ይጮህና ሁሉንም ያጠፋው ነበር። ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ለጥገና ወሰድኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ «ምንም አልሆነም» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነበር።

ነገሩን ያስረዱኝ ዕድሜያቸውን በሙሉ የቴሌኮም ጣቢያ ባትሪዎችን ሲጠብቁ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ቤት መጥተው ዕቃውን አዩና «ልጄ፣ ኢንቨርተር ቧንቧ ነው፤ ባትሪው ነው ሮቶው። አንቺ ወፍራም ቧንቧ ገዝተሽ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠሻል» አሉኝ። 1500 ዋት ማለት ዕቃው በአንድ ጊዜ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አይናገርም። ሰዓቱን የሚወስነው ባትሪው ውስጥ ያለው ነው። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ በየምሽቱ እስከ ታች ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል።

በዚያው ምሽት አንድ ሌላ ነገር አሳዩኝ። ምንም ዕቃ ሳይሰካበት ኢንቨርተሩን ብቻ አብርተው ከባትሪው የሚወስደውን በቴስተር ለኩት። ወደ 2 አምፔር ነበር፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 24 ዋት። በስምንት ሰዓት 192 ዋት ሰዓት ይሆናል። አራቱ አምፖሎቼ በአንድ ምሽት ከሚበሉት የበለጠውን ኢንቨርተሩ ለራሱ ይበላ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ለወደፊቱ ይሆናል ብላችሁ ከሚያስፈልጋችሁ እጅግ የበለጠ ኢንቨርተር አትግዙ። የሚበላው በየምሽቱ ከእናንተው ባትሪ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ የቤት ሥራ ሰጡኝ፤ ሳልለካ ምንም እንዳልገዛ። ዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት ከፍተኛው መጠን እንጂ በየዕለቱ የሚወስደው አይደለም። የእኔ ራውተርና የፋይበሩ ሳጥን አስማሚዎች ላይ ያለው ሲደመር 24 ዋት ይላል፤ ስለካው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ለመለካት ምንም መሣሪያ አልገዛሁም፤ የካርድ ቆጣሪዬን ተጠቀምኩ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም ቁጥር ተጽፏል። የእኔው 1000 imp/kWh ይላል፤ ይህም ማለት መብራቷ አንድ ጊዜ ብልጭ ባለች ቁጥር አንድ ዋት ሰዓት ተቆጥሯል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ማቀዝቀዣውንና የስልክ ቻርጀሩን ጭምር ነቅላችሁ አንድ ዕቃ ብቻ አብሩ። ከአንዱ ብልጭታ እስከ ቀጣዩ ያለውን ሰከንድ ቁጠሩና 3600ን ለሰከንዱ አካፍሉ፤ ውጤቱ ዋት ነው። ቁጥሩ 1000 ካልሆነ፣ ለምሳሌ 1600 ከሆነ፣ ውጤቱን ለ1.6 ታካፍሉታላችሁ።

ቴሌቪዥኑና የዲሹ ሪሲቨር አብረው ሲበሩ በየ42 ሰከንዱ ብልጭ ትላለች፤ ወደ 86 ዋት። አራቱ ባለ 9 ዋት አምፖሎች 36 ዋት። ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን በአምስት ደቂቃ አንድ ብልጭታ፣ 12 ዋት። በጠቅላላ 134 ዋት። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። 134 ዋት ለሚበላ ቤት 1500 ዋት ገዝቼ ነበር።

ቀጥሎ ሰዓቱን መገመት ትቼ መመዝገብ ጀመርኩ። ለሦስት ሳምንት መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት በደብተር ያዝኩ። አብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ለዚያ አንድ ቀን ብዬ ባትሪ እጥፍ ላለመግዛት ወሰንኩ፤ በእንዲህ ዓይነቱ ቀን ቴሌቪዥኑ ይቅር። ለቴሌቪዥንና ለመብራት አምስት ሰዓት፣ ለራውተር ስምንት ሰዓት ብዬ ያዝኩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ 86 በ5 ሲባዛ 430፣ አምፖሎቹ 36 በ5 ሲባዛ 180፣ ራውተሩ 12 በ8 ሲባዛ 96፤ ድምሩ 706 ዋት ሰዓት። ኢንቨርተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ሲለውጥ ከአሥር አንድ እጅ በላይ በሙቀት ይባክናል፤ ይህ ሲታሰብ 800 ይደርሳል። አነስ ያለ ኢንቨርተር ራሱ የሚበላውን 10 ዋት ለስምንት ሰዓት ስንጨምርበት 880 ይሆናል፤ እኔ 900 አልኩት። 900 ለ12 ቮልት ሲካፈል 75 አምፔር ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 75 ስለወጣ ባለ 75 ወይም ባለ 100 ባትሪ ይገዛል። የእርሳስ ባትሪ፣ ጄልም ቢሆን፣ ዕድሜ እንዲኖረው በተለመደው ምሽት ከግማሹ በላይ መራገፍ የለበትም። ስለዚህ 75 በ2 ይባዛል፤ 150 ይሆናል። ባትሪ ደግሞ እያረጀ ሲሄድ አቅሙ ስለሚቀንስ ሩብ ያህል መጠባበቂያ ይጨመራል፤ ወደ 190 ይደርሳል። በዚህ መሠረት ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪዎችና ቻርጀር አብሮት ያለ የ600 ዋት ኢንቨርተር ገዛሁ። ኢንቨርተሩ ንጹህ ሳይን የሚባለው ዓይነት ነው፤ የቀድሞው ሲሠራ ሪሲቨሩ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ይኸኛው ከተገጠመ በኋላ ድምፁ ጠፋ። 

ሁለቱን ባትሪዎች ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ ጎን ለጎን አገናኘናቸው፤ እንዲህ ሲሆን ቮልቱ 12 ሆኖ ይቀራል፣ አቅሙ ግን 200 ይሆናል። ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደውን ፖዘቲቭ ከአንደኛው፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው ወሰድን፤ ሁለቱም ከአንዱ ከተወሰዱ እሱ ከጓደኛው ቀድሞ ይደክማል። አሮጌውን የመኪና ባትሪ እንደ ተጨማሪ ላስገባው ፈልጌ ነበር፤ ጋሼ አልፈቀዱም። ደካማው ባትሪ አዲሶቹን እየጎተተ ያበላሻቸዋል። በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ባትሪዎች ብቻ ናቸው የሚገናኙት።

አንድ ወር ከግማሽ ደስ ብሎን ኖርን። ከዚያ ሰዓቱ ማጠር ጀመረ፤ አምስት የነበረው አራት ሆነ፣ ከዚያ ሦስት። በስሌቱ ምንም ስህተት ስላልነበረ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሌላም የማይገባ ነገር አየሁ። ቻርጀሩ ሥራ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ሞልቷል» ይላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቮልቱ በፍጥነት ይወርዳል። ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚራገፍ ባትሪ ጤነኛ አይደለም።

ጋሼ ደብተሬን ተቀብለው አገላበጡትና «መብራት የጠፋበትን ጽፈሻል። የነበረበትንስ?» አሉኝ።

«መብራት ካለማ ባትሪው ይሞላል ብዬ ነው።»

«ሮቶ ስትገዢ ትልቅነቱን ብቻ አየሽ ወይስ ውሃ በምትመጣበት ሰዓት ይሞላል ወይ ብለሽ ጠየቅሽ?»

እኛ ሰፈር ይህ ጥያቄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ተክሎ ውሃዋ በቀጭኑ ስትመጣ አንድም ቀን ሞልቶ የማያውቅ ቤት ሁላችንም እናውቃለን። የእኔም ባትሪ እንዲያው ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ሁለት ነው።

አንደኛው የቻርጀሩ ጉልበት ነው። ኢንቨርተሩ ጀርባ ላይ የቻርጅ መጠን መምረጫ ነበር፤ በ10 አምፔር ላይ ተቀምጦ ነው ከሱቅ የመጣው፤ እኔም አልነካሁትም። በአንድ ምሽት 75 አምፔር ሰዓት ከወጣ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ከሚያባክነው ጋር ወደ 90 መመለስ አለበት። በ10 አምፔር ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። በዚያ ላይ የመጨረሻዋ ክፍል በዝግታ ስለምትገባ ተጨማሪ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ትፈልጋለች። በአንዳንድ ሳምንት መብራት ጠዋትም ማታም ይሄድ ስለነበር ይህን ያህል ያልተቋረጠ ሰዓት ባትሪው አላገኘም። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲከርም በውስጡ ባሉት ሳህኖች ላይ የሚቀረው ሰልፌት እየጠጠረ ይሄዳል፤ የጠጠረው ክፍል ከዚያ በኋላ ኃይል አይይዝም። አቅሙ የተሰረቀው በዚህ መንገድ ነው። ለእርሳስ ባትሪ የተለመደው የቻርጅ መጠን የአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው፤ ለ200 አምፔር ሰዓት 20 አምፔር። መምረጫውን ወደ 20 አዞርነው፤ ባትሪዎቹ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን አስቀድመን አይተን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት እያለም ባትሪዬ ይራገፍ የነበረ መሆኑ ነው። ይህን ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። አንድ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የጎረቤት ሁሉ መብራት በርቶ ሳለ የእኔ ኢንቨርተር በባትሪ እየሠራ ነበር። ሶኬቱን ስንለካ 162 ቮልት። ከተማው ዳር ላይ፣ ከትራንስፎርመሩ ርቀን ስላለን፣ ምሽት ሁሉም ሲጠቀም ቮልቱ ይወርዳል። ኢንቨርተሩ ደግሞ UPS በሚለው አቀማመጥ ላይ ስለነበረ ከ170 በታች የሆነውን እንደጠፋ ቆጥሮ ወደ ባትሪ ይዞራል፤ መሙላቱንም ያቆማል። በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ያህል በዚህ ሁኔታ አልፎብኛል፤ አንዱም ደብተሬ ውስጥ የለም። APL ወደሚለው ስናዞረው እስከ 90 ቮልት ድረስ የመስመሩን ኃይል መቀበል ጀመረ። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ቴሌቪዥናችሁና አስማሚዎቻችሁ ላይ 100-240V የሚል መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ዝቅተኛው ቮልት ይጎዳቸዋልና በ UPS ላይ ተዉት።

ባትሪው በእርግጥ መሙላቱን ለማወቅ የኢንቨርተሩን መብራት አልታመንም። ቻርጅ ላይ እያለ መለካትም አይረዳም፤ ያኔ ከ13 ቮልት በላይ ያሳያል፣ የቻርጀሩ ቮልት እንጂ የባትሪው አይደለም። ቻርጀሩንም ዕቃውንም አለያይቼ ሦስት ሰዓት ያህል አሳርፈዋለሁ፤ ከዚያ በቴስተር እለካለሁ። 12.7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ አልፌበታለሁ ማለት ነው። የእኔ ባትሪዎች ቻርጀሩ «ሞልቷል» ካለ በኋላ 12.4 ነበሩ። አነስ ያሉ ኢንቨርተሮች ብዙዎቹ በራሳቸው የሚያጠፉት 10.5 ላይ ሲደርስ ነው፤ ያ ለባትሪው በጣም ዘግይቷል። እስኪጠፋ አትጠብቁት። ቴሌቪዥን እያያችሁ ቮልቱ ወደ 11.8 ከተጠጋ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ለአምፖሉና ለራውተሩ አስቀሩለት።

ስለ ገመድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቶሎ ይታለፋልና። በመጀመሪያው ዕቃዬ ባትሪው በረንዳ፣ ኢንቨርተሩ ሳሎን ነበር፤ መካከላቸው ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ አራት ሜትር ያህል ሄዷል። ጋሼ ዕቃው ሁሉ በርቶ ሳለ ባትሪው ላይ ሲለኩ 12.2፣ ኢንቨርተሩ ላይ ሲለኩ 11.5 አገኙ። የጎደለው 0.7 ቮልት ገመዱን ሲያሞቅ ነበር የሚጠፋው፤ ኢንቨርተሩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ቀድሞ ይጮሃል። በ12 ቮልት የሚሄደው አምፔር በ220 ከሚሄደው ብዙ እጥፍ ስለሆነ የቤት ሽቦ አይችለውም። አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ባለ 16 ካሬ ገመድ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር በታች፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 80 አምፔር ፊውዝ። ፊውዙ ከባትሪው ርቆ መቀመጥ የለበትም፤ ገመዱ በመካከል ቢነካካ የሚያድነው ቀርቦ ሲገኝ ነው።

አደገኛውንም ልናገር። ኢንቨርተሩን በሁለት ወንድ ፕላግ ከግድግዳ ሶኬት ጋር አገናኝተው ቤቱን በሙሉ የሚያበሩ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ያልተሰካው ጫፍ በእጅ ሲያዝ 220 ቮልት ይዟል፤ ኃይሉ ወደ ውጭ መስመር ቢወጣ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል፤ መብራት በድንገት ሲመጣም ኢንቨርተሩን ያቃጥለዋል። እኛ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተን የአራቱን አምፖሎች መስመርና አንድ ሶኬት ከማከፋፈያው ለይተን ከኢንቨርተሩ መውጫ ጋር ብቻ አገናኘን። ሶኬቱ ላይ ካውያና የውሃ ማፍያ እንዳይሰካ ልጄ በወረቀት ጽፋ ለጥፋበታለች። ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ካላችሁ ደግሞ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ከመኝታ ቤትና ከምድጃ አርቁት።

ዛሬ እንደገና ብገዛ ሊቲየም አየረን ፎስፌት የሚባለውን እመርጥ ነበር። 900 ዋት ሰዓቱን አንድ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ብቻውን ይሸፍነዋል፤ ከአቅሙ ከአሥር ስምንቱን ቢሰጥም አይጎዳም፣ ሳይሞላ መክረምም እንደ እርሳስ አያበላሸውም። መብራት በተቆራረጠ ሰዓት ለሚመጣለት ሰፈር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ዋጋው ይከብዳል፤ ቻርጀሩም ለሊቲየም የሚሆን አቀማመጥ ያለው መሆን አለበት።

የእኔ ጄሎች ከጠፋው አቅማቸው የተወሰነውን አልመለሱም። ሁለት ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ ከሞላናቸው በኋላ ግን አረፍ ብለው 12.7 አሳዩ። ቅዳሜ ዕለት ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሆን ብለን ዋናውን ብሬከር አጠፋን፤ አምፖሎቹን፣ ቴሌቪዥኑንና ራውተሩን አብርተን ተቀመጥን። ልጄ በየግማሽ ሰዓቱ ቮልቱን እያነበበች ደብተሩ ላይ ጻፈች። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሁሉን አጥፍተን ባትሪዎቹን አሳረፍናቸውና ስንለካ 12.3 ቀርቷቸው ነበር። ብሬከሩን መልሰን አበራነው፤ ቻርጀሩ በ20 አምፔር ጀመረ፤ ልጄም ከቁጥሩ አጠገብ መብራት የመጣበትን ሰዓት ጻፈች።